«የባትሪ ምጣኔ»፦ ሸለብ ያደረገው ስልክ ለምን አይጠራም?

አክስቴ ስልኳን የምታስቀምጠው ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከእናቷ ፎቶ ሥር ነው። ከቤት ካልወጣች አትነካውም። ቤሩት የምትሠራው ልጇ ማታ ማታ በመልእክት መተግበሪያ ትደውልላታለች። ሦስት ወር ገደማ ግን ያ ስልክ አልጠራም። ልጅቷ «ደውዬ ደውዬ አታነሳም» ብላ ታኮርፋለች፤ አክስቴ «አንዴም አልጮኸ፣ በማርያም!» ትላለች። እሑድ እሑድ የጎረቤት ልጅ መጥቶ መተግበሪያውን ሲከፍትላት የሳምንቱ ያመለጠ ጥሪና መልእክት ሁሉ ባንዴ ይግተለተላል። ኔትወርኩ ነው ተባለ፤ ሲም ካርድ ተቀየረ። ለውጥ የለም።

ጥፋቱ የኔትወርኩ አልነበረም። ስልኩ ባትሪ እቆጥባለሁ ብሎ መተግበሪያውን ዝም አሰኝቶት ነው። በእንግሊዝኛ በተሞላ የስልክ ቅንብር ውስጥ ይህ አሠራር Battery optimization ተብሎ ይገኛል። ለዚህ ስም የሚሆን አማርኛ ስፈልግ ሦስት ቃል ፊቴ መጣ። «የባትሪ ቁጠባ» የሚለው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ባትሪው ሊያልቅ ሲል በእጃችን የምንከፍተው Battery Saver የሚባል ሌላ ነገር ስላለ ሁለቱ ይደበላለቃሉ። ስልካቸውን በአማርኛ የሚጠቀሙ ደግሞ «ማትባት» የሚል ቃል ያጋጥማቸዋል። ቃሉ ጥሩ ቃል ነው፣ «የተባ ብዕር» እንላለን፤ ግን ባትሪ እንደ ቢላ አይሳልም። እኔ የመረጥኩት «ምጣኔ»ን ነው። «ምጣኔ ሀብት» እና «የቤተሰብ ምጣኔ» ስንል የለመድነው ቃል ነው፤ ያለውን አይቶ ለእያንዳንዱ በልኩ ማካፈል ማለት ነው። ስልኩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ የትኛው መተግበሪያ ከበስተጀርባ መቼና ምን ያህል እንዲሠራ እንደሚፈቀድለት ይመጥናል። ስለዚህ «የባትሪ ምጣኔ» እንበለው። አንድን መተግበሪያ ከዚህ ደንብ ማውጣት ደግሞ «ከምጣኔ ነፃ ማድረግ» ይሆናል።

ምጣኔው ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው አንድሮይድ 6 ጋር ነው። ያኔ «ዶዝ» የሚባል አሠራር መጣ፤ አማርኛው ቤት ያፈራው ነው፣ «ሸለብታ»። ስልኩ ከቻርጀር ተነቅሎ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ሳይንቀሳቀስ ጥቂት ከቆየ «ባለቤቴ አልፈለገኝም» ብሎ ሸለብ ያደርጋል። በሸለብታ ጊዜ መተግበሪያዎች ኢንተርኔት አያገኙም፤ ሥራቸውም ለሌላ ጊዜ ይቀጠራል። ስልኩ አልፎ አልፎ ለአጭር ጊዜ ነቅቶ የተጠራቀመውን ሁሉ ያስተናግድና ተመልሶ ይተኛል። ይህችን አጭር ጊዜ «የመንቂያ ፋታ» ልበላት። ስልኩ ሳይነካ በቆየ ቁጥር በአንዱ ፋታና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። ሌሊቱን ሙሉ ያልመጣ መልእክት ጠዋት ስልኩን ስናነሳ ተግተልትሎ የሚገባው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አንድሮይድ 7 ደግሞ ቀለል ያለ ሸለብታ ጨመረ፤ ስልኩ ኪስ ውስጥ እየተንቀሳቀሰም ቢሆን ስክሪኑ ከጠፋ ይጀምራል። የማንቂያ ደወል ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ ለኪዳን የሞላነው ሰዓት ሸለብታውን ሰብሮ ይጮኻል።

እንግዲህ ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ ስልክ ለሸለብታ ከሁሉ የተመቸ ነው ማለት ነው። ግን እዚህ ላይ ቸኩሎ መፍረድ አይገባም። ሸለብታ ብቻውን ጥሪ ማስቀረት የለበትም።

ምክንያቱን ለማየት መልእክት ወደ ስልካችን የሚገባበትን በር እንይ። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች እያንዳንዱ መተግበሪያ የራሱን መስመር ከፍቶ አይጠብቅም። የጎግል ፕሌይ አገልግሎት ለሁሉም አንድ መስመር ይዞ ይቀመጣል፤ ልክ ለግቢው ሁሉ ደብዳቤ እንደሚቀበል ዘበኛ። ላኪው ድርጅት መልእክቱን «መደበኛ» ወይም «አስቸኳይ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። መደበኛው እስከሚቀጥለው የመንቂያ ፋታ ድረስ ዘበኛው ጋ ያድራል። አስቸኳዩ ሲመጣ ግን ዘበኛው በር አንኳኩቶ መተግበሪያውን ለአጭር ጊዜ ይቀሰቅሰዋል። በደንብ የተሠራ የመልእክት መተግበሪያ ጥሪን የሚልከው አስቸኳይ ብሎ ነው። ታዲያ የአክስቴ ስልክ ለምን አልጠራም?

ከሸለብታ በላይ ሁለተኛ ንብርብር ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አንድሮይድ 9 መተግበሪያዎችን ባለቤቱ በሚከፍታቸው መጠን ደረጃ ያወጣላቸው ጀመር፤ ብዙ ጊዜ የሚከፈት ብዙ ይፈቀድለታል፣ የተረሳ ጥቂት። አንዳንድ ስልክ አምራቾች ደግሞ በዚህ ላይ የራሳቸውን ጠበቅ ያለ ደንብ ደርበዋል፦ ለቀናት ያልተከፈተውን መተግበሪያ ራሳቸው «ያስተኙታል»፣ ወይም ባለቤቱ እስኪከፍተው ድረስ ጨርሶ እንዳይነሣ ያደርጋሉ። እንዲህ በግድ የቆመ መተግበሪያ ዘበኛው ቢያንኳኳም አይሰማም። ተመሳሳዩ መልእክት፣ ተመሳሳዩ መተግበሪያ፣ በአንዱ ስልክ ሠርቶ በሌላው የማይሠራው በዚህ የተነሣ ነው። የአክስቴ ነገር ደግሞ አዙሪት ነበር፦ መተግበሪያው ስለማይጠራ አትከፍተውም፤ ስለማትከፍተው ስልኩ የተረሳ ነው ብሎ ይበልጥ ያስተኛዋል።

የትኛው ንብርብር እንደሆነ ለመለየት ቻርጀር ብቻ ይበቃል። ስልኩን ሶኬት ላይ ሰካሁት፣ ስክሪኑን አጠፋሁ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቄ ልጅቷን «ደውዪ» አልኳት። ቻርጀር ላይ ያለ ስልክ አያሸልብም፤ ስለዚህ ቢጠራ ኖሮ ጥፋቱ የሸለብታ ይሆን ነበር። አልጠራም። መተግበሪያውን ከፍቼ፣ ስክሪኑን ሳላጠፋ ድጋሚ ሳስደውላት ወዲያው ጮኸ። ስለዚህ ድምፁም፣ ኢንተርኔቱም ደህና ነው። የቀረው የአምራቹ ደንብ ብቻ ነበር። ቅንብሩ ውስጥ ስገባ መተግበሪያው «ከተኙት» ዝርዝር ውስጥ ተጋድሞ አገኘሁት።

ከዚያ ያደረግሁት ይህን ነው። መጀመሪያ ከተኙት ዝርዝር አወጣሁት። ቀጥሎ Settings ገብቼ Apps የሚለውን፣ ከዚያም መተግበሪያውን ከፍቼ Battery የሚለውን ነካሁ። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ ወዲህ ባሉት ብዙ ስልኮች ሦስት ምርጫ ይመጣል፦ Optimized ማለት በምጣኔ ሥር፣ Restricted ማለት ከበስተጀርባ የተከለከለ፣ Unrestricted ማለት ከምጣኔ ነፃ። ነፃውን መረጥኩ። በመጨረሻ መተግበሪያውን አንድ ጊዜ ከፈትኩት፤ በግድ የቆመ መተግበሪያ ባለቤቱ በእጁ እስኪከፍተው ድረስ ቅንብሩ ቢቀየርም አይነቃምና ይህች እርምጃ ስትዘለል ሰው «አስተካክዬው እንኳ እምቢ አለ» ይላል። ስልኩን ቁም ሳጥኑ ላይ መልሼ፣ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ማንም አልነካውም። ከዚያ ተደወለ፤ ጮኸ። ወዲያው በሁለት ደቂቃ ውስጥ መሞከር ዋጋ የለውም፤ ስልኩ ገና አላሸለበምና።

አምራቹ የጨመረው ቅንብር በየስልኩ የተለያየ ቦታ ተደብቋል፤ የእርስዎ ስልክ እንደ እድሜው ስሙን ትንሽ ሊለውጥ ይችላል። በሳምሰንግ Settings ውስጥ Battery ይግቡና Background usage limits የሚለውን ይፈልጉ፤ Sleeping apps እና Deep sleeping apps የተኙትና በጥልቅ የተኙት ናቸው፤ የማይተኙት ደግሞ የራሳቸው ሌላ ዝርዝር አላቸው፣ መተግበሪያውን እዚያ ያስገቡት። በሻኦሚ ስልክ የመተግበሪያው መረጃ ገጽ ላይ Autostart መከፈት አለበት፤ የባትሪው ምርጫ No restrictions መሆን አለበት። በአገራችን እጅ ላይ በብዛት የሚታዩት ቴክኖና ኢንፊኒክስ ይህን ሥራ ለ Phone Master መተግበሪያ ሰጥተውታል፤ እዚያ ውስጥ በራስ መነሣትን የሚፈቅደውን ማብሪያ ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የወጡ ብዙ የሁዋዌ ስልኮች ግን የጎግል አገልግሎት የላቸውም፤ የጠቀስነው ዘበኛ እዚያ ስለሌለ በእሱ ብቻ የሚተማመን መተግበሪያ ምንም ነፃ ቢደረግ መልእክት ሊያዘገይ ይችላል።

ከምጣኔ ነፃ መሆን የማይፈታው ነገርም አለ። በጥቅል የሚጠቀም ሰው ዳታ እንዳያልቅበት Data Saver ከከፈተ፣ ዋይፋይ በሌለበት ጊዜ መተግበሪያው ከበስተጀርባ ኢንተርኔት አያገኝም፤ ይህ ከባትሪ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ለብቻው መፈቀድ አለበት። አንድሮይድ 13 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ አንድሮይድ ያለው ስልክ ላይ ደግሞ አዲስ የተጫነ መተግበሪያ ማሳወቂያ ለማሳየት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያኔ «አይ» ከተባለ ስክሪኑ በርቶም ቢሆን ምንም አይታይም። ምልክቱ እንግዲህ ይህ ነው፦ ስክሪኑ በርቶም የማይታይ ከሆነ ፈቃዱን፣ ዋይፋይ ላይ መጥቶ በዳታ የሚቀር ከሆነ Data Saverን፣ መተግበሪያው ሲከፈት ብቻ ተግተልትሎ የሚገባ ከሆነ ምጣኔውን ይመርምሩ።

ሁሉንም መተግበሪያ ነፃ ማድረግ ግን አይመከርም። ባትሪው ከቀትር በፊት ያልቅና መልሰው Battery Saverን ይከፍታሉ፤ እሱም ዞሮ መተግበሪያዎቹን ያፍናል። በአክስቴ ስልክ ላይ ነፃ ያደረግሁት ያንን አንድ መተግበሪያ ብቻ ነው። የዜናውም፣ የጨዋታውም፣ የገበያውም መተግበሪያ ይተኛ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኩ እንደገና ዝም አለ። ቅንብሩ እንዳስቀመጥኩት ነበር። ለካ ያ እሑድ እሑድ የሚመጣው የጎረቤት ልጅ «ስልኩ እንዳይከብደው» ብሎ በቅርብ የተከፈቱትን መተግበሪያዎች በሙሉ በጣቱ እየገፋ ያጸዳል፤ እንደ አክስቴ ባለው ስልክ ይህ መጥረግ መተግበሪያውን በግድ ከማቆም እኩል ነው። በዚያው በቅርብ የተከፈቱት በሚታዩበት ገጽ ላይ መተግበሪያውን ጫን አድርጌ ስይዘው የቁልፍ ምስል መጣ፤ ቆለፍኩት። አሁን ልጁ ሁሉንም ሲጠርግ ያ አንዱ ብቻ ይቀራል።