የታንኳ ቀዛፊ የደርሶ መልስ ጊዜ በወራጅ ወንዝ

የደርሶ መልስ ጊዜ አንድ ቀዛፊ ወንዙን ሽቅብ ወጥቶ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ተነሣበት ቦታ ሲመለስ የሚፈጅበት ጠቅላላ ጊዜ ነው። ውሃው ሲሄድ የወሰደበትን ጊዜ ሲመለስ የሚክሰው ይመስላል፤ ግን አይክሰውም። ፍሰቱ በመንገዱ ሁሉ እኩል እስከሆነ ድረስ የወንዝ ደርሶ መልስ ምንጊዜም ከረጋ ውሃው ይረዝማል።

በጋምቤላ፣ በባሮ ወንዝ ላይ፣ ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳ የሚጓዝ ሰው እናስብ። ለስሌት እንዲመች በረጋ ውሃ ላይ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ይቀዝፋል፣ ውሃው በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ይፈሳል፣ መድረሻው 8 ኪሎ ሜትር ይርቃል እንበል። ሽቅብ ሲወጣ ከዳር ቆሞ ለሚያየው ሰው ፍጥነቱ 4 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ 2 ሰዓት ይፈጅበታል። ቁልቁል ሲመለስ ፍጥነቱ 8 ይሆንና በ1 ሰዓት ይደርሳል። ድምሩ 3 ሰዓት ነው። በረጋ ውሃ ቢሆን 16ቱን ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጨርስ ነበር።

20ው ደቂቃ የጠፋው ቀዛፊው በዝግታ በሚሄድበት አቅጣጫ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ነው። ውሃው 2 ሰዓት ሙሉ ወደ ኋላ ሲጎትተው፣ ወደ ፊት የገፋው ግን 1 ሰዓት ብቻ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ 4 እና 8ን ደምረው ለሁለት በማካፈል አማካይ ፍጥነቱን 6 ያደርጉታል። ትክክለኛው 16 ለ3 ሲካፈል የሚገኘው፣ 5.3 ገደማ ነው።

የአንድ ጉዞ ርቀት d፣ የቀዛፊው ፍጥነት በረጋ ውሃ v፣ የውሃው ፍጥነት u ቢባል፣ ጠቅላላው ጊዜ እንዲህ ይሰላል፦

T = 2dv / (v² − u²)

ፍሰቱ በበረታ ቁጥር ጊዜው በእጅጉ ይንራል። ውሃው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢፈስ ሽቅብ መውጣቱ ብቻ 8 ሰዓት ይፈጃል፣ መመለሻው ግን 44 ደቂቃ ያህል ነው። ፍሰቱ 6 ሲደርስ ቀዛፊው ምንም ቢታገል ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ስሌቱም ትርጉም ያጣል።

ርቀቱ ከታወቀ የውሃውን ፍጥነት ለማወቅ የሁለቱ ጉዞዎች ሰዓት ይበቃል። የመመለሻው ፍጥነት 8፣ የመሄጃው 4 ከሆነ፣ የልዩነታቸው ግማሽ 2 የውሃው፣ የድምራቸው ግማሽ 6 የቀዛፊው ነው። ይህ የሚሠራው ቀዛፊው በሁለቱም ጉዞ እኩል ጉልበት ካወጣ ነው፤ ሽቅብ ወጥቶ የደከመ ክንድ ስሌቱን ያዛባል።

በእውነተኛ ወንዝ ግን ፍሰቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል አይደለም። ውሃው ከዳርቻው ጋር ስለሚፋተግ እዚያ ይዘገያል፣ መሃል ላይ ይፈጥናል። ስለዚህ ልምድ ያለው ቀዛፊ ሽቅብ ሲወጣ ዳር ዳሩን ይይዛል፣ ሲመለስ መሃሉን። በዳር ያለው ፍሰት 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ መሄጃው 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ መመለሻው እንደ ቀድሞው 1 ሰዓት ይሆናል። ድምሩ 2 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ከረጋ ውሃው በ4 ደቂቃ ያጠረ ነው።