ዳግም ስሌት፦ የብር፣ የዶላርና የዩሮ ስቴትመንትን በመስመር ማጣራት

ኦዲተሮች «ሪካልኩሌሽን» የሚሉት ሥራ አለ። በአማርኛ ዳግም ስሌት ብንለው ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል፤ ሌላ ሰው ወይም ማሽን ያሰላውን ቁጥር ከመነሻው ጀምሮ ራስን ችሎ እንደገና ማስላትና ውጤቱን ከተጻፈው ጋር ማነጻጸር ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ 500 ዳግም ስሌትን ከማስረጃ ማሰባሰቢያ መንገዶች አንዱ አድርጎ ይዘረዝረዋል። በሒሳብ ክፍሎች ዘንድ ከሚታወቀው «ማስታረቅ» ይለያል። ማስታረቅ የባንኩን ስቴትመንት ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ያገናኛል። ዳግም ስሌት ግን ስቴትመንቱን ከራሱ ጋር ያፋጥጠዋል፤ የተጻፈው ምንዛሪ በተጻፈው ገንዘብ ሲባዛ የተጻፈውን ውጤት ይሰጣል ወይ? ያለፈው ቀሪ ላይ ገቢው ተደምሮ ወጪው ሲቀነስ ቀጣዩ ቀሪ ይመጣል ወይ? ብሎ ይጠይቃል።

ሒሳቡ በአንድ ገንዘብ ብቻ ሲሆን ሁለተኛው ጥያቄ ይበቃል። በብር፣ በዶላርና በዩሮ የተከፈቱ ሒሳቦች ሲኖሩ ግን ሁለቱም ጥያቄዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሚይዘውን ስህተት ሌላው አያየውም።

ይህ ጉዳይ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴ ሩቅ አይደለም። በቃሉና በአካባቢው የሚመረተው ማሾ ለህንድና ለኢንዶኔዥያ ገበያ ይሄዳል። በሐምሌ 2009 በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉ ልብስ ሰፊዎችም ለውጭ ገዢ ያመርታሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ሥርዓቱን ሲለውጥ ላኪው ከውጭ ገቢው 50 በመቶውን በውጭ ምንዛሪ ሒሳቡ እንዲያቆይ፣ ቀሪውን ለባንኩ እንዲሸጥ ተደነገገ። ስለዚህ አንድ ጭነት ሲከፈል ገንዘቡ ሁለት ስቴትመንት ላይ ይታያል፤ በዶላሩ ላይ የተሸጠው ግማሽ ወጪ ይሆናል፣ በብሩ ላይ ደግሞ ገቢ ሆኖ ይገባል። የሁለቱን መስመሮች ትስስር የሚያረጋግጠው ዳግም ስሌት ብቻ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተዘጋጁ ናቸው። በሰኞ ገበያ ማሾ የሚሰበስብ አንድ ላኪ ኮምቦልቻ ባለ የባንክ ቅርንጫፍ ሦስት ሒሳብ አለው እንበል። ወሩ ሲጀምር ዶላሩ 4,200.00፣ ዩሮው 5,180.00፣ ብሩ 85,410.60 ነበር። 240 ኩንታል ማሾ በኩንታል 115 ዶላር ልኮ 27,600.00 ዶላር ገባለት። ግማሹ፣ ማለትም 13,800.00 ዶላር፣ ለባንኩ ተሸጠ። ከዚያ ከዩሮው 5,000.00 ወደ ዶላር አዛወረ። የዕለቱ ምንዛሪ ለዶላር መግዣ 130.2500፣ መሸጫ 132.8550፣ ለዩሮ መግዣ 142.0000 ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ሦስቱን ሒሳቦች ለየብቻ ማስቀመጥ ነው። ዶላርን ከብር ደምሮ አንድ ድምር ማውጣት ምንም አያሳይም፤ ምንዛሪው ሲለወጥ ድምሩም ያለ ምንም ግብይት ይለወጣልና። እያንዳንዱ ገንዘብ የራሱ መነሻ ቀሪ፣ የራሱ ገቢና ወጪ፣ የራሱ መድረሻ ቀሪ አለው፤ በራሱም መዝጋት አለበት።

ቀጥሎ የቀሪ ሒሳቡ ፍተሻ ይመጣል። የዶላሩ ስቴትመንት ከ4,200.00 ተነስቶ 27,600.00 ሲገባበት 31,800.00 ይላል። 13,800.00 ሲወጣበት 18,000.00 ይላል። እስካሁን ትክክል ነው። ከዩሮው የመጣው 5,344.17 ሲገባ ግን ስቴትመንቱ 23,298.17 ብሎ ጽፏል፤ እኛ ስንደምር 23,344.17 ይወጣል። ልዩነቱ 46.00 ዶላር ነው። ባንኮች ቀሪውን የሚያሰሉት ከሙሉ መዝገባቸው ስለሆነ እንዲህ ያለ ክፍተት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመደመር ስህተት አይደለም፤ በእጃችን ካለው ወረቀት የጎደለ መስመር ነው። እዚህ የጎደለው የባንኩ የአገልግሎት ክፍያ ሆኖ ተገኘ፤ ስቴትመንቱ ወደ ኤክሴል ሲገለበጥ መስመሩ ቀርቷል። በወረቀት የታተመ ስቴትመንት ላይም አንድ ገጽ ሲጎድል ምልክቱ ይኸው ነው፤ የአንዱ ገጽ መጨረሻ ቀሪ ከሚቀጥለው ገጽ መነሻ ጋር አይገጥምም።

በኤክሴል ለሚሠራ ሰው ይህ ፍተሻ አንድ ቀመር ነው። ወጪው በ`C`፣ ገቢው በ`D`፣ የታተመው ቀሪ በ`E` ዓምድ ካለ፣ በሦስተኛው መስመር አጠገብ ይህን ጽፎ ወደታች መጎተት ይበቃል፦

```
=ROUND(E2+D3-C3,2)-E3
```

ውጤቱ ዜሮ ከሆነ መስመሩ ደህና ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የምንነሳው ከታተመው ያለፈ ቀሪ መሆኑ ነው። በራሳችን ድምር ብንቀጥል አንዱ ስህተት እስከ መጨረሻው መስመር ይከተለናል፤ የት እንደተጀመረም ለማግኘት ወደኋላ እንፈልጋለን። ከታተመው ቀሪ ስንነሳ ግን ስህተቱ የሚታየው በተፈጠረበት መስመር ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንሂድ። ስቴትመንቱ ከ85,410.60 ተነስቶ 1,795,380.00 ገባ ይላል፤ ቀሪውንም 1,880,790.60 ያደርገዋል። ድምሩ ይገጥማል። የቀሪ ሒሳብ ፍተሻ ብቻ የሚያደርግ ሰው እዚህ ምልክት አድርጎ ያልፋል።

ምንዛሪውን ስናሰላ ግን ነገሩ ይለወጣል። 13,800 ዶላር በ130.25 ሲባዛ 1,797,450.00 ብር ነው። በስቴትመንቱ ላይ 2,070.00 ብር ጎድሏል። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ መንገዱን መገልበጥ ነው፤ የገባውን ብር ለወጣው ዶላር ማካፈል። 1,795,380 ለ13,800 ሲካፈል 130.10 ይሰጣል። ይህ በስቴትመንቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ግን በሥራ ላይ የዋለ ምንዛሪ ነው። ቁጥሩን ከባንኩ ዕለታዊ የምንዛሪ ሰንጠረዥ ጋር ስናነጻጽር በአንድ ቀን ቀደም ያለው መግዣ ሆኖ ተገኘ። አሁን ጥያቄው ጠርቷል፤ ሽያጩ የተፈጸመው በየትኛው ቀን ነው? ስቴትመንት ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን አለ፤ ግብይቱ የተመዘገበበትና ገንዘቡ ዋጋ የሚይዝበት። ምንዛሪው ከየትኛው ጋር እንደሚታሰብ ባንኩ ሊመልስ ይገባል።

የአንድ ቀን ልዩነት ቀላል የሚመስለው ምንዛሪው ሲረጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ጠዋት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዶላር መግዣ 74.7364 ብር ሆኖ ተለጠፈ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ዶላሩ ወደ 57 ብር ተኩል ገደማ ነበር። በዚያ ሰሞን 10,000 ዶላር የሸጠ ሰው በአዲሱ ዋጋ 747,364 ብር ያገኛል፤ በቀድሞው ግን ወደ 575,000። ከ172,000 ብር በላይ የሚሆን ገንዘብ በአንድ ቀን ምዝገባ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከቀን ቀጥሎ የሚያሳስተው መግዣና መሸጫ ነው። ሁለቱም የሚጠሩት ከባንኩ አንጻር ነው፤ እኛ ዶላር ስንሸጥ ባንኩ ይገዛልና የሚሠራው መግዣው ነው። በዚያው ሐምሌ 22 የንግድ ባንክ መሸጫ 76.2311 ነበር፤ ለመግዣው ሲካፈል 1.02 ይሰጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሁለት በመቶ መሆኑ ነው። በተጨማሪ ባንኮች ለጥሬ ገንዘብና በሒሳብ ለሚተላለፍ ገንዘብ የተለያየ ዋጋ ሊለጥፉ ይችላሉ። የላኪ ገቢ በሒሳብ የሚመጣ ስለሆነ የሚነጻጸረው ከሁለተኛው ጋር ነው።

የዩሮው መስመር የመግዣና የመሸጫን ልዩነት በደንብ ያሳያል። ከዩሮ ወደ ዶላር የሚደረግ ዝውውር በብር በኩል ሲያልፍ ሁለት ምንዛሪ ነው። ባንኩ 5,000 ዩሮ በ142 ይገዛል፤ 710,000 ብር ይሆናል። ከዚያ ዶላር ይሸጥልናል፤ በመሸጫው በ132.8550 ሲካፈል 5,344.17 ዶላር ይመጣል። ስቴትመንቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ትክክል ነው። ነጋዴው ሁለቱንም በመግዣ ቢያሰላው 5,451.06 አግኝቶ ባንኩ 106.89 ዶላር ቀነሰብኝ ይላል። ቅሬታው በስህተት ላይ የቆመ ይሆናል።

ሳንቲምን በተመለከተም ወሰኑን ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ብዜት ወደ ሁለት አሃዝ ሲጠጋጋ ሊፈጥር የሚችለው ልዩነት ከግማሽ ሳንቲም አይበልጥም። ከዚያ በላይ የሆነ ልዩነት «ማጠጋጋት ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ምክንያት አለው። አንዱ ምክንያት ባንኩ ውጤቱን ሳይሆን ምንዛሪውን አስቀድሞ ማጠጋጋቱ ነው። የዩሮና የዶላሩ ጥምርታ 1.0688 ተብሎ በአራት አሃዝ ቢያዝ ውጤቱ 5,344.00 ይሆናል፤ የ17 ሳንቲም ልዩነት። እንዲህ ያለው ልዩነት በገንዘቡ መጠን ልክ ያድጋል፤ ቋሚ የአገልግሎት ክፍያ ግን አያድግም። ሁለቱን የምንለየው በተለያየ መጠን የተሠሩ ሁለት ዝውውሮችን በማነጻጸር ነው።

ዳግም ስሌት የማይደርስበትም አለ። ቁጥሮቹ እርስ በርስ እንደሚስማሙ ያሳያል እንጂ ገንዘቡ በእርግጥ ባንክ ውስጥ መኖሩን አያረጋግጥም። አንድን የገቢ መስመር ብቻ የለወጠ አስመሳይ ከሥሩ ያሉትን ቀሪዎች ካላስተካከለ ወዲያው ይጋለጣል፤ ሁሉንም አስልቶ የጻፈውን ግን ስሌቱ አይነካውም። ለዚያ መልሱ ከባንኩ በቀጥታ የሚመጣ ማረጋገጫ ነው።

ስለዚህ ወሩ ሲያልቅ ይህን ያድርጉ፦ የምንዛሪ ሽያጭ ባለበት በእያንዳንዱ ቀን የባንክዎን የምንዛሪ ሰንጠረዥ ያስቀምጡ፣ በዶላሩ የወጣውን በብሩ ከገባው ጋር አገናኝተው ያካፍሉ፣ እያንዳንዱን ቀሪ ከፊተኛው ያሰሉ። ልዩነት ሲያገኙ ወደ ቅርንጫፉ ሲሄዱ የመስመሩን ቀን፣ የታተመውን ቁጥር፣ ያሰሉትንና በማካፈል ያገኙትን ምንዛሪ በጽሑፍ ያቅርቡ። «ገንዘቤ ጎድሏል» ለሚል ቃል ባንኩ አጠቃላይ መልስ ይሰጣል፤ «በ130.25 መሆን ሲገባው በ130.10 ተሰልቷል» ለሚል ጽሑፍ ግን የሚሰጠው መልስ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው።