የባንክ ዋስትና በጨረታና በውል፦ ወጪው እና ባንኩ የሚከፍልበት ሁኔታ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጨረታ ሲያወጡ ተጫራቾችን የጨረታ ማስከበሪያ፣ ከአሸናፊው ጋር ውል ሲገቡ ደግሞ የውል ማስከበሪያ ዋስትና ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በሲፒኦ ወይም «በሁኔታ ላይ ያልተመሠረተ የባንክ ዋስትና» ነው። ይህ ማብራሪያ የሁለተኛውን ምንነት፣ ወጪውን እና ባንኩ ገንዘቡን ለገዥው መሥሪያ ቤት የሚከፍልበትን ጊዜ ያስረዳል።

1. የዋስትናው ባሕርይ

በባንክ ዋስትና ሦስት ወገኖች አሉ፤ እነርሱም ዋስትናውን የሚያስወጣው አቅራቢ ወይም ሥራ ተቋራጭ፣ ዋስትናውን የሚሰጠው ባንክ እና ተጠቃሚው ገዥ መሥሪያ ቤት ናቸው። በተለመደው የዋስ ግዴታ ዋሱ ባለዕዳው ሊያነሣቸው የሚችላቸውን መከራከሪያዎች ማንሣት ይችላል። በሁኔታ ላይ ባልተመሠረተ የባንክ ዋስትና ግን ባንኩ ይህን አያደርግም። ግዴታው ከግዥ ውሉ ተለይቶ የቆመ በመሆኑ፣ በዋስትና ደብዳቤው የተዘረዘረው ከተሟላ ይከፍላል።

ስለዚህ የባንክ ዋስትና አቅራቢውን ከኪሣራ የሚጠብቅ መድን አይደለም። ባንኩ የከፈለውን ገንዘብ በሙሉ ከአቅራቢው መልሶ ይጠይቃል። ጥበቃው የገዥው ነው።

2. ወጪው

የዋስትና ወጪ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ኮሚሽን ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከዋስትናው መጠን በመቶኛ ተሰልቶ በየሦስት ወሩ ይታሰባል። የተጀመረ ሩብ ዓመት እንደ ሙሉ ሊቆጠር ስለሚችል፣ የዋስትናው ማብቂያ ወደ ቀጣዩ ሩብ ዓመት በጥቂት ቀናት ቢሻገር እንኳ የሙሉ ሩብ ዓመት ኮሚሽን ሊጠየቅ ይችላል። ሁለተኛው ባንኩ በመያዣነት የሚያግደው ጥሬ ገንዘብ፣ በተለምዶ ማርጂን የሚባለው ነው። ይህ ገንዘብ ወጪ ባይሆንም ዋስትናው እስኪመለስ ድረስ አይንቀሳቀስም። ባንኩ በማርጂኑ ፈንታ ወይም ከማርጂኑ በተጨማሪ የንብረት መያዣ ሊጠይቅ ይችላል። ሦስተኛው የማራዘሚያና የማሻሻያ ክፍያ ነው። ተመኖቹ ከባንክ ባንክ ስለሚለያዩ ዋጋ ከማቅረብ በፊት ከባንኩ በጽሑፍ ማግኘት ይገባል።

ለምሳሌ አንድ አቅራቢ የተማሪ መቀመጫዎችን በ12,000,000 ብር ለማቅረብ ውል ገባ እንበል። ውሉ የዋጋውን 10 በመቶ፣ ማለትም 1,200,000 ብር የውል ማስከበሪያ ይጠይቃል። ማስረከቢያው እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዋስትናው ከዚያ በኋላ ለ28 ቀናት መጽናት አለበት። ዋስትናው ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ወጥቶ ግንቦት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃል። ለስሌቱ ያህል ባንኩ በሩብ ዓመት 1 በመቶ ኮሚሽን እና 25 በመቶ ማርጂን ይጠይቃል እንበል።

የአንድ ሩብ ዓመት ኮሚሽን 12,000 ብር ነው። ሁለተኛው ሩብ ዓመት ሚያዝያ 30 ቀን ስለሚያልቅ፣ የመጨረሻዎቹ 28 ቀናት ሦስተኛውን ሩብ ዓመት ያስጀምራሉ። ጠቅላላ ኮሚሽኑ 36,000 ብር ይሆናል፤ 300,000 ብር ደግሞ ታግዶ ይቆያል። ማስረከቢያው ሦስት ወር ቢዘገይና ዋስትናው እስከ ነሐሴ 28 ቀን ቢራዘም አራተኛው ሩብ ዓመት ስለሚጀመር 12,000 ብር ይጨመራል። አቅራቢው ይህን ሁሉ በመጫረቻ ዋጋው ውስጥ ካላሰበ ከትርፉ ይከፍለዋል።

3. ባንኩ የሚከፍለው መቼ ነው?

የጨረታ ማስከበሪያ በዋናነት የሚወረሰው ተጫራቹ የመጫረቻ ሐሳቡ ጸንቶ በሚቆይበት ጊዜ ራሱን ሲያገል፣ ወይም አሸንፎ ውል ለመፈረም ወይም የውል ማስከበሪያ ለማቅረብ ፈቃደኛ ሳይሆን ሲቀር ነው። ጨረታውን መሸነፍ በራሱ ዋስትናውን አያስወርስም።

በሁለቱም ዓይነት ዋስትናዎች የባንኩ ሥራ የቀረቡለትን ሰነዶች መመርመር ነው። ጥያቄው ሥልጣን ባለው ኃላፊ ተፈርሟል? ለባንኩ የደረሰው ከማብቂያው ቀን በፊት ነው? መጠኑ ከዋስትናው አይበልጥም? ደብዳቤው የጥሰት መግለጫ የሚያስፈልግ ከሆነ መግለጫው አለ? ዋስትናው ከሰኔ 24 ቀን 2002 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት የዋስትና ደንብ፣ ቁጥር 758፣ እንደሚገዛ በውስጡ ከተጻፈ፣ ጠያቂው አቅራቢው ግዴታውን የጣሰው በምን እንደሆነ መግለጽ አለበት፤ ባንኩም ጥያቄውን በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይመረምራል።

ወደ ምሳሌው እንመለስ። አቅራቢው በማስረከቢያው ቀን ከመቀመጫዎቹ አብዛኛውን አስረክቦ ጥቂቱ ቀርቷል። መዘግየቱ የደረሰው ገዥው የርክክብ ቦታውን በወቅቱ ስላላዘጋጀ ነው ብሎ ይከራከራል። ገዥው ግን ግንቦት 20 ቀን የዋስትናውን ሙሉ መጠን በተሟላ ደብዳቤ ጠየቀ። ባንኩ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይመረምርም፤ 1,200,000 ብር ይከፍላል። ከታገደው 300,000 ብር በኋላ ቀሪው 900,000 ብር አቅራቢው ለባንኩ የሚከፍለው ዕዳ ይሆናል፤ በባንኩ ውል መሠረትም ወለድ ይታሰብበታል። አቅራቢው ከደረሰው ጉዳት በላይ ተወስዶብኛል ካለ በግዥ ውሉ መሠረት ገዥውን መጠየቅ ይኖርበታል። ክፍያውን አስቀድሞ ለማስቆም ያለው መንገድ የፍርድ ቤት ዕግድ ነው፤ ለባንኩ የሚጻፍ የተቃውሞ ደብዳቤ ብቻውን አያስቆመውም።

በተቃራኒው ገዥው ያንኑ ጥያቄ ግንቦት 29 ቀን ቢያቀርብ፣ አቅራቢው በእርግጥ ጥፋተኛ ቢሆንም እንኳ ባንኩ አይከፍልም። የጥሰት መግለጫ የጎደለው ጥያቄ በመጨረሻው ቀን ቢቀርብም ለማረም ጊዜ አይኖርም።

4. «አራዝም ወይም ክፈል»

ሥራ ሲዘገይ ገዥዎች ብዙ ጊዜ ዋስትናው እንዲራዘም፣ ካልተራዘመ ግን እንዲከፈል ይጠይቃሉ። ጥያቄው በሌላ ረገድ የተሟላ ከሆነ አቅራቢው ያለው ምርጫ ጠባብ ነው። በደንብ ቁጥር 758 በሚገዛ ዋስትና ባንኩ ክፍያውን ቢበዛ ለ30 ቀናት ማቆየት ይችላል። በምሳሌው የማራዘሚያው ኮሚሽን 12,000 ብር ሲሆን፣ አለመራዘሙ ግን 1,200,000 ብር ሊያስከፍል ይችላል።

5. ከመፈረም በፊት ሊታዩ የሚገባቸው

የማብቂያው ቀን በኢትዮጵያም ሆነ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በግልጽ ይጻፍ። «28/9/2018» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ቀን ግንቦት 28 ወይስ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 መሆኑ ሊያከራክር ይችላል። በምሳሌው ትክክለኛው አጻጻፍ «ግንቦት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2026)» ነው።

የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ከሆነ፣ ገዥው ከክፍያዎች ላይ የቅድሚያ ክፍያውን በቀነሰ ቁጥር የዋስትናው መጠንም እንደሚቀንስ በደብዳቤው ይጻፍ። ካልተጻፈ አቅራቢው የመለሰው ገንዘብ ጭምር ዋስትና እንደተያዘበት ይቆያል።

ግዴታው ሲጠናቀቅ ዋናው የዋስትና ደብዳቤ ወይም የገዥው የመልቀቂያ ደብዳቤ ለባንኩ መመለስ አለበት። ቀኑ ቢያልፍም ባንኩ ይህን ሳያገኝ ማርጂኑን ለመልቀቅ ሊያመነታ ስለሚችል፣ አቅራቢው ርክክቡ በተጠናቀቀ ዕለት የዋስትናውን ተመላሽ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ይመከራል።