ምክር መጠየቂያ ኢሜይል

ምክር መጠየቂያ ኢሜይል አንድ ባለሙያ በሙያው ከእርሱ የላቀ ልምድ ላለው፣ በአካል ግን ለማያውቀው ሰው የሚልከው፣ አንድ ውስን ጥያቄ የያዘ አጭር ደብዳቤ ነው። ከሥራ ማመልከቻ የሚለየው ተቀባዩ ሥራ እንዲሰጥ ወይም ዋስ እንዲሆን ሳይሆን የሚያውቀውን እንዲናገር ብቻ የሚጠየቅበት በመሆኑ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ የቅርብ ወዳጆች እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ የሚያውቁትም ነገር ተመሳሳይ ሲሆን፣ አዲስ መረጃ የሚመጣው በአብዛኛው የላላ ትውውቅ ካላቸው ሰዎች ነው።

የተቀባዩን አድራሻ ለማግኘት አማላጅ መፈለግ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። በሳይንሳዊ መጽሔት የሚወጣ ጽሑፍ ከደራሲዎቹ መካከል ስለ ጥናቱ ለሚቀርብ ጥያቄ ኃላፊነት የወሰደውን ሰው ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሰፍራልና፣ ጽሑፉን አንብቦ የሚጽፍ ሰው እንደ ደፋር አይቆጠርም።

ለምሳሌ ያህል በስምጥ ሸለቆ በሚገኝ የወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት የምትሠራን መሐንዲስ እንውሰድ። የአንድ ጉድጓድ ውኃ በሊትር 4 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ተገኝቶበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውኃ መመሪያ መጠን 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ጽሕፈት ቤቱ ያሰበው በአጥንት ከሰል ማጣሪያ፣ ማለትም በከሰለ የእንስሳት አጥንት ፍሎራይዱን በሚይዝ ዘዴ፣ ለመጠቀም ነው። መሐንዲሷ «ማጣሪያው እንዴት ይሠራል?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ በመጻሕፍት ስለሚገኝ ተቀባዩን ታሰለቻለች። የሚጠቅማት ስለ ማጣሪያው ጽሑፍ ያሳተመ ተመራማሪ በሥፍራው ያየው፣ በጽሑፉ ውስጥ ግን ያልተነተነው ነገር ነው፦

«ጉዳዩ፦ ስለ አጥንት ከሰል ማጣሪያ አንድ ጥያቄ

ለተከበሩ ዶክተር እገሌ፣

የወረዳ ውኃ መሐንዲስ ነኝ። ስለ አጥንት ከሰል ማጣሪያ ባሳተሙት ጽሑፍ ከሰሉን የሚቀይረው የመንደሩ ኮሚቴ እንደነበር አንብቤያለሁ። እኛም ፍሎራይዱ በሊትር 4 ሚሊ ግራም ለሆነ ጉድጓድ ተመሳሳይ ማጣሪያ ልንተክል አስበናል። መለኪያ መሣሪያ በየመንደሩ ማቅረብ ስለማንችል፣ ኮሚቴው የመቀየሪያው ጊዜ መድረሱን በምን ያውቅ እንደነበር ቢነግሩኝ? ሁለት መስመር ይበቃኛል፤ ባይመችዎም እረዳለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር»

ከሰሉ መያዝ የሚችለውን ያህል ከያዘ በኋላም ውኃው በመልክም ሆነ በጣዕም ስለማይለወጥ ጥያቄው በመስኩ የሚሠራ ሰው ሊገጥመው የሚችል እውነተኛ ችግር ነው። ኮሚቴውን መጥቀሷ ጽሑፉን በእርግጥ ማንበቧን ያሳያል፤ «ድንቅ ሥራዎን አደንቃለሁ» የሚለው ግን ለማንም ሊላክ ስለሚችል ምንም አያሳይም። የመልሱን ልክ አስቀድማ ማሳነሷም ተቀባዩ ስልኩ ላይ እንዳለ እንዲመልስ ያስችለዋል። ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ የሚጠይቀው ረጅም ሰላምታ በአካል ሲገናኙ ጨዋነት ቢሆንም፣ በኢሜይል ግን ተቀባዩ ሳይከፍት የሚያያቸውን የመጀመሪያ ቃላት ስለሚወስድ ጥያቄውን ይሸፍነዋል።

በአጠራር በኩል የሚፈጸም ስሕተት አለ። ኢትዮጵያዊ ምሁር «ዶክተር» ተብሎ የሚጠራው በራሱ ስም ሲሆን፣ ለአውሮፓዊ ወይም ለአሜሪካዊ ሲጻፍ ግን ማዕረጉ ከቤተሰብ ስሙ ጋር ይሄዳል። ውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ በአባቱ ስም ቢታወቅም፣ በአማርኛ ሲጻፍለት በራሱ ስምና በአንቱታ መጥራት ይገባል።

ኢሜይሉ ያለ መልስ የሚቀርባቸው ምክንያቶች በአብዛኛው ከጥያቄው ስፋት ይመነጫሉ። «ስለ ሙያው ምን ይመክሩኛል?» የሚል ሰው ተቀባዩን ድርሰት እንዲጽፍ ያዘዋል። የሕይወት ታሪክና የትምህርት ማስረጃ ማያያዝ ደግሞ ምክር የተባለው ነገር ሥራ ፍለጋ መሆኑን ያጋልጣል፤ ከማይታወቅ ላኪ የመጣ አባሪም መልእክቱን ወደ አላስፈላጊ ኢሜይሎች ማኅደር ሊያስገባው ይችላል። ለብዙ ሰው የተላከ ቅጂም ይታወቃል፤ የተቀባዩ ስም ከሌላ ቦታ ተገልብጦ ሲገባ የፊደሉ መጠን ወይም ቀለም ከቀረው ጽሑፍ ሊለይ ይችላልና።

መልስ ሳይመጣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቢያልፍ፣ በዚያው ኢሜይል ሥር አንድ አጭር ማስታወሻ መላክ ተቀባይነት አለው፤ ከዚያ በኋላ ዝምታው እንደ መልስ ተቆጥሮ ሌላ ባለሙያ ይፈለጋል። መልስ ያገኘ ጠያቂ በዕለቱ ማመስገን፣ ምክሩን በሥራ ላይ ካዋለ በኋላም ያየውን ውጤት በጥቂት መስመር መጻፍ ይገባዋል። ከወረዳ የሚመጣ እንዲህ ያለ መረጃ ለተመራማሪውም የሚጠቅም ስለሆነ፣ ሁለተኛ ጥያቄ ለማቅረብ የሚመቸው ጊዜ ይህ ነው።