ቂያስ፦ ጠጅ፣ ቡናና ጫት በአንድ ሚዛን

 

አንድ አዲስ መጠጥ ወይም ቅጠል በሰዉ መካከል በገባ ቁጥር ሁለት ዓይነት ንግግር እንሰማለን። አንዱ ወገን «ይህ እኮ ከዚያ ጋር ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ሐራም ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ስሙ በቁርኣን አልተጠቀሰም፤ ስለዚህ ሐላል ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች የዘለሉት አንድ ሥራ አለ። እርሱም የፊቅህ ሊቃውንት ቂያስ ብለው የሰየሙት የማነጻጸር ሥርዓት ነው። በዚህ ጽሑፍ ቂያስ እንዴት እንደሚሠራ በአስካሪ ነገሮች ምሳሌ እናያለን። ምሳሌውን ከእናንተ ቤት እናመጣዋለን፤ ታሪኩ ደግሞ ወደ መካ ይወስደናል።

ቂያስ ብዙ የተከራከሩበት ጉዳይ ነበር። በሁለተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የዒራቅ ሊቃውንት በሚዛናዊ አስተያየት (ረእይ) ብዙ ይጠቀሙ ነበር፤ የመዲና ሊቃውንት ደግሞ በሐዲስና በመዲና ሰዎች ልማድ ላይ ይበልጥ ይደገፉ ነበር። በ150 ዓመተ ሂጅራ ገዛ ውስጥ የተወለዱት ኢማሙ ሻፊዒይ ከሁለቱም ወገን ተምረው፣ «አር-ሪሳላ» በተባለው መጽሐፋቸው ለቂያስ ወሰን አበጁለት። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ሊቅ ነኝ ያለ ሁሉ ልቡ የወደደውን መፍረድ አይችልም፤ በማስረጃ ከታወቀ ነገር መነሳትና እስከ አዲሱ ነገር ድረስ መንገዱን ማሳየት አለበት። ኢማሙ በ204 ዓመተ ሂጅራ ግብጽ ውስጥ አረፉ፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ሊቃውንት ያን መንገድ በአራት ምሰሶ አቆሙት።

አራቱ ምሰሶዎች እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው አስል ሲሆን ብይኑ በማስረጃ የታወቀው መነሻ ነው። ሁለተኛው ፈርዕ ነው፤ ብይኑ ገና ያልታወቀው አዲሱ ጉዳይ ማለት ነው። ሦስተኛው ሑክም፣ ማለትም ብይኑ ራሱ ነው። አራተኛው ዒላ ሲሆን ብይኑ የተመሠረተበት ምክንያት ነው። ከአራቱ ዋናው ዒላው ነው፤ ምክንያቱ ካልታወቀ መነሻው ከአዲሱ ጉዳይ ጋር የሚገናኝበት ድልድይ የለም።

እስቲ አብረን እንሥራው። መነሻችን ኸምር ነው። በሱረቱል ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ኸምርን እንድንርቅ አዞናል። እዚህ ላይ የወይን አስካሪ መጠጥ እንውሰድ። ሑክሙም ክልክልነት ነው። አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ በዚያ መጠጥ ላይ ካሉት ባሕርያት የትኛው ነው ለክልከላው ምክንያት የሆነው?

ሊቃውንቱ በመጀመሪያ ባሕርያቱን አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። መጠጡ ፈሳሽ ነው፤ ከወይን ይሠራል፤ ቀለም አለው፤ ሽታ አለው፤ አረፋ ያወጣል፤ ያሰክራል። ከዚያ የማይሆነውን ያወጣሉ። ፈሳሽነቱ ምክንያት ቢሆን ውኃም በተከለከለ ነበር። ከወይን መሠራቱ ምክንያት ቢሆን የወይን ፍሬ መብላት በተከለከለ ነበር። ቀለሙም ሽታውም እንዲሁ በሐላል ነገሮች ላይ ይገኛሉ። ሁሉም ሲወጣ አስካሪነት ብቻ ይቀራል።

ቀጥሎ የቀረውን መልሰው ይፈትኑታል። አዲስ የተጨመቀ የወይን ጭማቂ ሐላል ነው። ያው ጭማቂ ተብላልቶ አስካሪ ሲሆን ሐራም ይሆናል። ያው መጠጥ በራሱ ጊዜ ወደ ኮምጣጤ ሲለወጥ ተመልሶ ሐላል ይሆናል። ፍሬው አንድ፣ ዕቃው አንድ፣ የተለወጠው ግን ማስከሩ ብቻ ነው። ብይኑ አስካሪነት ሲመጣ መጣ፣ ሲሄድ ሄደ። እንግዲህ ዒላው ይህ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ማር በውኃ ተበጥብጦ ብርዝ ሲሆን እንጠጣዋለን፤ ለልጆቻችንም እንሰጣለን። ጌሾ ገብቶበት ተብላልቶ ጠጅ ሲሆን ግን ያሰክራል። ብርዝና ጠጅ በማርነታቸው አንድ ናቸው፤ በዒላው ግን ተለያዩ። ጠጅና የወይን መጠጥ ደግሞ በማርና በወይን ተለያዩ፤ በዒላው ግን አንድ ሆኑ። ስለዚህ የወይኑ ብይን ወደ ጠጁ ይሻገራል። ጠላንም በዚሁ መንገድ ልትመዝኑት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መደበቅ አይገባንም። ይህ ምሳሌ ለማስተማሪያ የተመረጠው ቀላል ስለሆነ ነው እንጂ ጠጅን ለመከልከል ቂያስ ብቻ ነው ማስረጃው ማለት አይደለም። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ወደ የመን በተላኩ ጊዜ በዚያ አገር ስለሚጠጣው የማር መጠጥና የገብስ መጠጥ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው ነበር። መልሱ የመጠጦቹን ስም እየጠራ የሚለይ አልነበረም፤ የሚያሰክር ሁሉ ሐራም መሆኑን የሚያስረዳ ነበር። እንግዲህ ከጠጅና ከጠላ ጋር የሚቀራረቡት መጠጦች ብይን በቀጥታ በሐዲስ ተነግሯል። ቂያስን የማይቀበሉት የዛሂሪያ ሊቃውንት እንኳ ይህን ሐዲስ ይዘው ወደዚሁ ብይን ይደርሳሉ። መልሱ በባሕርይ እንጂ በስም አለመሰጠቱ ግን ሊቃውንቱ በፍተሻ ያገኙትን ዒላ ያጸናዋል።

«እኔ በአንድ ብርሌ አልሰክርም» የሚል ሰው ቢኖርስ? ዒላው የጠጪው መስከር ሳይሆን የመጠጡ አስካሪነት ነው። ዒላ በግልጽ የሚታይና ከሰው ሰው የማይዋዥቅ መሆን አለበት፤ የእያንዳንዱ ሰው አቅም ግን ይለያያል። ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም መሆኑ በሐዲስ መጥቷል። እርግጥ በጥንቱ ዘመን ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ኸምር የሚለውን ስም ለወይኑ መጠጥ ለይተው፣ በአንዳንድ ሌሎች መጠጦች ላይ የተከለከለው እስከ መስከር መድረሱ ነው ብለው ነበር። ተማሪያቸው ኢማም ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ ግን ጥቂቱንም ብዙውንም ከለከሉ፤ በኋላ ዘመን የሐነፊያ ሊቃውንትም ፈትዋ የሰጡት በእርሳቸው ቃል ነው።

እስካሁን ያየነው ዒላው የተገኘበትን ነው። አሁን ደግሞ ዒላው የሌለበትን እንይ። ቡና ከእኛ ምድር ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን ሱፊዮች ዘንድ ተወደደ፤ ሌሊት በዚክር እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይጠጡት ነበር። ከዚያም ወደ መካ ደረሰ። በ917 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1511፣ ኻይር ቤይ የተባለ የመካ ሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ በሐረም አካባቢ ሌሊት ተሰብስበው ቡና የሚጠጡ ሰዎችን አየ። ሊቃውንትን ሰብስቦ ነገሩን አቀረበላቸው። ሁለት ሐኪሞችም ቡና ጎጂ ነው ብለው መሰከሩ። በመጨረሻም ቡና ተከለከለ፤ የተገኘውም ተቃጠለ።

ተቃዋሚዎቹ የያዙት ምን ነበር? ጽዋው እንደ ወይን ጠጪዎች ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል አሉ። «ቀህዋ» የሚለው ስም ራሱ በድሮ ዐረብኛ ከወይን መጠጥ ስሞች አንዱ ነበር። ነገር ግን የስም መመሳሰልም ሆነ የአቀራረብ መመሳሰል ዒላ አይደለም። በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ቡና እንደ ወይን ያሰክራል ብሎ ቢመሰክር፣ ወይንን ሳይቀምስ እንዴት ሊያውቅ እንደቻለ ተጠይቆ መጠጣቱን በማመኑ እንደተቀጣ ይተረካል። ጥያቄው መሠረታዊ ነበር፤ በቡና ውስጥ አስካሪነት አለ ወይስ የለም?

ጉዳዩ ወደ ካይሮ ተላከ። ከሱልጣን ቃንሱህ አል-ጉሪ ዘንድ የመጣው ትእዛዝ መጥፎ ስብሰባዎችን ይከለክል ነበር እንጂ መጠጡን ራሱን ፈጽሞ አልከለከለም። ክርክሩ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመታት ቀጠለ። ይሁንና ቡና የጠጣ ሰው አእምሮው ሲነቃ እንጂ ሲሸፈን አልታየም። ዒላው በፈርዑ ላይ ስላልተገኘ ድልድዩ ተሰበረ፤ ነገሮችም በመሠረታቸው የተፈቀዱ ናቸው በሚለው ደንብ ቡና ሐላል ሆኖ ጸና። ልብ በሉ፤ የከለከሉት ሰዎች የተሳሳቱት ዒላውን ባለማወቃቸው አይደለም፤ በአዲሱ ነገር ላይ መኖሩን በሚገባ ሳያረጋግጡ በመፍረዳቸው ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁለቱ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ እርሱም ጫት ነው። በ974 ዓመተ ሂጅራ መካ ውስጥ ያረፉት ታላቁ የሻፊዒያ ሊቅ ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ስለ ጫት ከየመን ጥያቄ መጥቶላቸው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፈዋል። ችግራቸው የሕግ ዕውቀት ማነስ አልነበረም። ጫትን የሚያውቁ ሰዎች የሰጧቸው ምስክርነት እርስ በርሱ ተጋጨባቸው፤ አንዱ አእምሮን ይለውጣል ሲል ሌላው ያነቃል እንጂ አይጎዳም አለ። ስለዚህ ዒላው መኖሩ ሳይረጋገጥላቸው ቁርጥ ያለ የሐራምነት ብይን ከመስጠት ተቆጠቡ፤ ሰዎች እንዲርቁት ግን አጥብቀው መከሩ። ብይንና ምክር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በዚህ አሳዩን። ከእርሳቸው በፊትም በኋላም ስለ ጫት የተለያየ የተናገሩ ሊቃውንት አሉ፤ ልዩነታቸው በአብዛኛው የሚመነጨው አስካሪ ሐራም ነው በሚለው ሕግ ላይ ሳይሆን ጫት በሰው አእምሮና አካል ላይ ምን ያደርጋል በሚለው ላይ ነው። ከአስካሪነት በቀር ጉዳትንና ገንዘብ ማባከንን ማስረጃ ያደረጉም አሉ፤ ያ ግን ራሱን የቻለ ሌላ መንገድ ስለሆነ ለብቻው መመዘን አለበት።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! ነገ አንድ ሰው «ይህ ከኸምር ጋር አንድ ነው» ቢላችሁ ሦስት ነገር በትሕትና ጠይቁት። የተነሳህበት ብይን በምን ማስረጃ ጸና? የብይኑ ምክንያት ምንድን ነው? ያ ምክንያት በዚህ አዲስ ነገር ላይ መኖሩን ማን አይቶ አረጋገጠ? ሦስተኛውን ጥያቄ ዓሊሙ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም፤ ሐኪሙንና ነገሩን በቅርብ የሚያውቀውን ሰው ይጠይቃል። ፈትዋውን መስጠት የዓሊሙ ፋንታ ነው፤ ለሚጠየቅ ሁሉ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ መመስከር ግን የእያንዳንዳችን አማና ነው። በመካ ቡና የተቃጠለው ከቸኮለ ምስክርነት የተነሳ ነበር።

ወላሁ አዕለም።