በምሽት ጉዞ ወቅት የሚገኙበትን ቦታ ለቤተሰብ ማጋራት፦ ከጂንካ እስከ ኮልቾ

ኮልቾ በደቡብ ኦሞ ከኦሞ ወንዝ በላይ ባለ ከፍታ ላይ የምትገኝ የካሮ ብሔረሰብ መንደር ናት። ከጂንካ የሚነሳ ተጓዥ በቀይ አፈርና በዲመካ አድርጎ ቱርሚ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ኮልቾ የሚወስደው የጥርጊያ መንገድ ነው። በዚህ የመጨረሻ ክፍል የሞባይል ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ቦታን በቀጥታ ማጋራት ጠቃሚ የሚሆነው ተመልካቹ ቤተሰብ የሚያየውን በትክክል መተርጎም ሲችል ነው።

በቴሌግራም ለማጋራት የቤተሰቡ አባል የመልእክት ገጽ ተከፍቶ ከማያያዣው ምልክት Location ይመረጣል፤ ቀጥሎም Share My Live Location የሚለው ይነካል። ከሚቀርቡት የጊዜ አማራጮች የ8 ሰዓቱ ለዚህ ጉዞ ይስማማል። ከቀኑ 9 ሰዓት ከጂንካ የተነሳ ሰው የ1 ሰዓቱን ቢመርጥ ማጋራቱ ገና ቱርሚ ሳይደርስ ያበቃል።

ስልኩ ያለበትን ቦታ ከሳተላይት ስለሚያውቅ ለዚህ ኔትወርክ አያስፈልገውም፤ ቦታውን ለቤተሰብ ለማድረስ ግን የኢንተርኔት ዳታ የግድ ነው። ስለዚህ ዳታ ሲጠፋ በቤተሰቡ ካርታ ላይ ያለው ምልክት መጨረሻ በተላከበት ቦታ ይቆማል። ተሽከርካሪው ግን እየተጓዘ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ የሚታወቀው በካርታው ላይ ቦታው መቼ እንደታደሰ በሚገልጸው updated በሚለው ጽሑፍ ነው። ምልክቱ ሳይንቀሳቀስ ጊዜው እየታደሰ ከሄደ ስልኩ በእርግጥ አንድ ቦታ ቆሟል። የታደሰበት ጊዜም ካልተለወጠ ኔትወርክ ጠፍቷል፣ ባትሪ አልቋል፣ ወይም ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ መተግበሪያውን አስቁሞታል። ስልኮች በአብዛኛው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሚሠሩ፣ 18:40 የሚለው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ40 ማለት መሆኑን ቤተሰቡ ሊያስተውል ይገባል። በተለይ አረጋውያን ወላጆች በዚህ ሲደናገጡ ይታያል።

ለምሳሌ ተጓዡ ከቱርሚ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ15 ተነሥቶ፣ ሾፌሩም መንገዱ 2 ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ነግሮታል እንበል። ተጓዡ ኔትወርክ ሳይጠፋ የተሽከርካሪውን ሰሌዳ ቁጥር፣ የሾፌሩን ስልክና የሚያድርበትን ቦታ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለቤተሰቡ ይልካል። ምልክቱ 12 ሰዓት ከ40 ላይ ቢቆም ብቻውን የአደጋ ማስረጃ አይሆንም። ቤተሰቡ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከ15 ይጠብቃል፤ ለመንገዱ ብልሽትና ለደረቅ ወንዞች አሸዋ ደግሞ አስቀድሞ የተስማሙበትን 1 ሰዓት ይጨምራል።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ15 በኋላም ወሬ ከሌለ በቅድሚያ ለሾፌሩና ለማደሪያው ይደወላል። እነርሱም ካልተገኙ በ991 ለፖሊስ ደውሎ የመጨረሻውን ምልክት ቦታ፣ የታደሰበትን ሰዓትና የሰሌዳ ቁጥሩን ማስታወቅ ይገባል። ፍለጋው የሚጀመረው ከዚያ ነጥብ ወደ ኮልቾ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ተጓዡ አቅጣጫ ከለወጠ ግን ካርታው አያሳይምና፣ የጉዞ ለውጥ ካለ ኔትወርክ ባለበት ሁሉ ማሳወቅ የተጓዡ ድርሻ ነው።

ተጓዡ እንደደረሰ ማጋራቱን Stop Sharing በሚለው ያቋርጣል።