ከጋራ ድራይቭ የተሰረዙ ፋይሎችን መመለስ

ከጋራ ድራይቭ የተሰረዙ ፋይሎችን መመለስ የሥራ ባልደረባ ከጋራ የደመና ማከማቻ ያጠፋውን ሰነድ መልሶ የማግኘት ሂደት ነው። ይህ መጣጥፍ በጉግል ወርክስፔስ ያለውን አሠራር ይገልጻል። በዚህ አሠራር የተሰረዘ ፋይል ሁለት የጊዜ ገደቦችን ያልፋል፤ የመጀመሪያው የመጣያው፣ ሁለተኛው የአስተዳዳሪው ነው።

== ፋይሉ የሚገኝበት መጣያ ==

በጋራ ድራይቭ ውስጥ ያለ ፋይል ባለቤቱ ድርጅቱ እንጂ ግለሰብ አይደለም። ስለዚህ ሲሰረዝ የሚገባው በሰራዡ የግል መጣያ ሳይሆን በዚያው ጋራ ድራይቭ መጣያ ነው። ብዙ ሰዎች «ፋይሉ የለም» ብለው ተስፋ የሚቆርጡት የራሳቸውን መጣያ ብቻ ስላዩ ነው። ትክክለኛውን መጣያ ለመክፈት ወደ ጋራ ድራይቩ ገብቶ ከስሙ አጠገብ ያለውን ቀስት በመጫን `View trash` መምረጥ ይቻላል። ከዚያ ፋይሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ `Restore` ማለት ይበቃል። ይህን ለማድረግ በጋራ ድራይቩ ላይ ተገቢው ፈቃድ ያስፈልጋል።

የጠፋው ፋይል በጋራ ድራይቭ ሳይሆን በአንድ ሰው `My Drive` ውስጥ ሆኖ ለሌሎች የተጋራ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ባለቤት ያልሆነ ሰው ከአቃፊ ቢያወጣው ፋይሉ አይሰረዝም። ባለቤቱ በመፈለጊያው ሳጥን የሚከተለውን ጽፎ ሊያገኘው ይችላል፦

```
is:unorganized owner:me
```

== በአስተዳዳሪ መመለስ ==

በመጣያ ያለ ፋይል ከ30 ቀን በኋላ በራሱ ይጠፋል። `Manager` የሆነ ሰው ግን ከዚያ በፊትም ለዘለቄታው ሊሰርዘው ይችላል። ከዚህ በኋላ የወርክስፔስ አስተዳዳሪው ብቻ፣ ያውም በ25 ቀን ውስጥ፣ ሊመልሰው ይችላል። አስተዳዳሪው በአስተዳደር ገጹ ከ`Drive and Docs` ሥር `Manage shared drives` ውስጥ ድራይቩን መርጦ የመመለሻውን ትእዛዝ ይሰጣል። የሚሞላው የፋይሉ ስም ሳይሆን ፋይሉ ከመጣያ የጠፋበትን ቀን የሚያካትት የጊዜ ክልል ነው። ስለዚህ ሆን ተብለው የተሰረዙ ሌሎች ፋይሎችም አብረው ሊመለሱ ይችላሉ።

== ምሳሌ ==

አንድ ሠራተኛ ሰኔ 1 ቀን የበጀት አቃፊን ወደ መጣያ ላከ እንበል። ማንም መጣያውን ካልነካ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ባልደረቦቹ ራሳቸው ይመልሱታል። ነገር ግን ሰኔ 12 ቀን መጣያው ባዶ ከተደረገ የ25 ቀኑ ቆጠራ ከዚያ ዕለት ይጀምርና ሐምሌ 7 ቀን አካባቢ ያበቃል። በአስተዳደር ገጹ የሚሞላው ቀን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሆነ፣ አስተዳዳሪው ሰኔ 12ን ወደ ጁን 19 መለወጥ አለበት። አቃፊው መጀመሪያ ወደ መጣያ የተላከበትን ጁን 8ን ብቻ ቢሞላ ግን አቃፊው ላይመለስ ይችላል።

== ገደቦች ==

ሁለቱም ጊዜያት ካለፉ በኋላ በዚህ መንገድ መመለስ አይቻልም። ነፃ የግል የጉግል መለያም የድርጅት አስተዳዳሪ ስለሌለው ሁለተኛው ዕድል የለውም።